በተለያዩ ፎቶዎች የመጣን ባለ ብዙ ገጽ ኢንቮይስ አንድ አድርጎ ማስኬድ

በተደጋጋሚ የሚደርሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ባለ ሦስት ገጽ ኢንቮይስ በአራት ፎቶ ተላከልኝ። ዕቃዎቹን በሙሉ ወደ ኤክሴል ገለበጥኳቸው፤ ድምራቸው ግን መጨረሻው ገጽ ላይ ከተጻፈው ጋር አይገጥምም። የቱ ጋ ነው የተበላሸው?»

አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ገጽ ከገጽ፣ ፎቶ ከፎቶ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው። መሐል ላይ ያሉ መስመሮች እምብዛም አያስቸግሩም። ስለዚህ ይህ መመሪያ በአብዛኛው ስለ መገጣጠሚያዎቹ ነው።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ይታወቅ። ፎቶዎቹን በማጣበቂያ አፕ አንድ ረጅም ምስል ለማድረግ አትሞክሩ። እንዲህ ያለው አፕ ሁለቱን ምስሎች የሚያጋጥመው በውስጣቸው የሚመሳሰሉ ቅርጾችን ፈልጎ ነው፤ የኢንቮይስ ሰንጠረዥ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ተመሳሳይ መስመር ነው። አፑ አንዱን መስመር ከሌላ መስመር ጋር ሊያጋጥምና መሐል ያለውን ሊውጠው ወይም ሊደግመው ይችላል። ውጤቱ ለዓይን ንጹሕ ስለሚመስል የጎደለው ነገር አይታያችሁም። የምናገናኘው መረጃውን ነው፤ ፎቶዎቹ እንዳሉ ይቆያሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የሁሉም ገጾች ፎቶ ወይም ስካን፣ ከተቻለ በመጀመሪያው ጥራት። በመልእክት መላኪያ አፕ በፎቶነት የተላከ ምስል ይጨመቃል፤ ላኪው በፋይልነት እንዲልክላችሁ ጠይቁ። ጭመቁ መጀመሪያ የሚያበላሸው ትንንሽ ቁጥሮችን ነው።
- ኤክሴል ወይም ሌላ የሰንጠረዥ ፕሮግራም።
- ገጾቹ ብዙ ከሆኑ ጽሑፍን ከምስል የሚያነብ ሶፍትዌር (ኦሲአር)። ከአምስት ገጽ በታች ከሆነ በእጅ መገልበጡ ይፈጥናል ባይ ነኝ፤ ኦሲአሩ ያነበበውን ማረምም ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

የምንሠራበት ምሳሌ

ኢንቮይሱ ሦስት ገጽ ነው። ገጽ 2 ረጅም ስለሆነ ላኪው በሁለት ፎቶ አንስቶታል፤ ስለዚህ ፎቶዎቹ አራት ናቸው። በዕቃዎቹ ፊት ተራ ቁጥር የለም። በየፎቶው የሚታየው ይህ ነው፦

```
ምስል 1 (ገጽ 1)
የፋይል ሳጥን           10 x   450.00    4,500.00
ወንበር                 4 x 1,200.00    4,800.00
የኤክስቴንሽን ገመድ       25 x   150.00    3,750.00
የግድግዳ ሰዓት            6 x   900.00    5,400.00
የጠረጴዛ መብራት፣
ወደ ገጽ 2 የዞረ                        18,450.00

ምስል 2 (ገጽ 2፣ የላይኛው ክፍል)
ከገጽ 1 የዞረ                          18,450.00
ታጣፊ፣ ነጭ              3 x   725.00    2,175.00
ተንቀሳቃሽ ጠረጴዛ          2 x 1,600.00    3,200.00
ካልኩሌተር               8 x   350.00    2,800.00

ምስል 3 (ገጽ 2፣ የታችኛው ክፍል)
ካልኩሌተር               8 x   350.00    2,800.00
መቀስ                  5 x   280.00    1,400.00
ካልኩሌተር               8 x   350.00    2,800.00
ወደ ገጽ 3 የዞረ                        30,825.00

ምስል 4 (ገጽ 3)
ከገጽ 2 የዞረ                          30,825.00
ነጭ ሰሌዳ               1 x 2,675.00    2,675.00
ስቴፕለር               12 x   125.00    1,500.00
ንዑስ ድምር                            35,000.00
ታክስ 10%                             3,500.00
ጠቅላላ ድምር                           38,500.00
```

በዚህች አጭር ኢንቮይስ ውስጥ ሦስት ወጥመዶች አሉ፦ ለሁለት የተከፈለው መብራት፣ የዞሩት ሂሳቦች፣ እና ካልኩሌተሩ።

1. ገጾቹ የአንድ ኢንቮይስ መሆናቸውንና ሁሉም መኖራቸውን አረጋግጡ

የኢንቮይስ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ የሻጩን ስም እና «ገጽ 2 ከ 3» የሚለውን ዓይነት ጽሑፍ ፈልጉ። ችግሩ ብዙ ኢንቮይሶች ይህን ሁሉ የሚያትሙት በመጀመሪያው ገጽ ላይ ብቻ መሆኑ ነው። ከሁለተኛው ገጽ ጀምሮ ራስጌ ከሌለ ጥሩው ማስረጃ የዞረው ሂሳብ ነው፤ ከአንዱ ገጽ ግርጌ «ወደ ቀጣዩ የዞረ» ተብሎ የወጣው ቁጥር በቀጣዩ ገጽ አናት ላይ እስከ ሳንቲሙ ድረስ መመለስ አለበት። በምሳሌያችን 18,450.00 ከምስል 1 ወጥቶ ምስል 2 ላይ ገብቷል፤ 30,825.00 ደግሞ ከምስል 3 ወጥቶ ምስል 4 ላይ። ስለዚህ መሐል ላይ የጠፋ ገጽ የለም።

ይህ እርምጃ መቅደም ያለበት ከአንድ ሻጭ በአንድ ቀን የመጡ ሁለት ኢንቮይሶች በመልክ ስለማይለዩ ነው። የወረቀቱን ቀለምና የፊደሉን ዓይነት አይታችሁ አትፍረዱ። የዞረ ሂሳብም፣ የገጽ ቁጥርም፣ ተራ ቁጥርም ከሌለ ላኪውን መጠየቅ እንጂ መገመት አያዋጣም።

2. ፎቶዎቹን በገጽ ቅደም ተከተል ሰይሙ

ፎቶዎች ሁልጊዜ በተላኩበት ቅደም ተከተል አይደርሱም፤ የፋይሉ ስምና ሰዓትም በመላኪያው አፕ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ስማቸውን ራሳችሁ ስጡ፦

```
p01.jpg   p02a.jpg   p02b.jpg   p03.jpg
```

ዜሮዋን አትዝለሏት። p1፣ p2 እያላችሁ ከሄዳችሁ ብዙ ፕሮግራሞች p10ን ከp2 በፊት ይደረድሩታል። «a» እና «b» ደግሞ የአንድ ገጽ ሁለት ክፍሎች መሆናቸውን ይነግሯችኋል፤ ይህ ልዩነት በእርምጃ 6 ላይ በጣም ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም መደራረብ የሚኖረው በአንድ ገጽ ሁለት ፎቶዎች መካከል ብቻ ነው።

3. እያንዳንዱን ፎቶ ለብቻው ገልብጡ

በሰንጠረዡ ውስጥ እነዚህን ዓምዶች ክፈቱ፦ A ምስል፣ B ገጽ፣ C ተራ፣ D ዝርዝር፣ E ብዛት፣ F ነጠላ ዋጋ፣ G ጠቅላላ ዋጋ፣ H ዓይነት። የተራ ቁጥሩን ከ1 ጀምራችሁ ራሳችሁ ስጡት።

በፎቶው ላይ የሚታየውን መስመር ሁሉ አስገቡ፤ የዞረውንም፣ የተደገመውንም፣ ግማሹ የቀረውንም። እየገለበጡ ማስተካከል ያጓጓል፤ ነገር ግን ገና ሳትገለብጡት የጣላችሁትን መስመር በኋላ ድምሩ ሲጎድል አታስታውሱትም።

ኦሲአር የምትጠቀሙ ከሆነ ቴሰራክት ለተባለው ፕሮግራም ይህ ትእዛዝ ጥሩ መነሻ ነው፦

```
tesseract p01.jpg p01 -l amh+eng --psm 6 -c preserve_interword_spaces=1
```

`--psm 6` ምስሉን እንደ አንድ ወጥ የጽሑፍ ክፍል እንዲያነበው ያደርገዋል፤ ያለበለዚያ ዓምዶቹን ለያይቶ ዕቃዎቹን አንድ ቦታ፣ ዋጋዎቹን ሌላ ቦታ ሊያስቀምጣቸው ይችላል። የመጨረሻው ክፍል በቃላት መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚጠብቅ ዓምዶቹን መለየት ይቀላል። የተጣመመ ፎቶ ካለ ከማስነበባችሁ በፊት አቅኑት፤ ካልቀና የአንዱ መስመር ዋጋ ከታች ወይም ከላይ ካለው ዕቃ ጋር ይነበባል።

4. የእያንዳንዱን መስመር ዓይነት ጻፉ

በዓምድ H ላይ ከአራት ቃላት አንዱን ጻፉ፦ «ዕቃ»፣ «የዞረ»፣ «ማጠቃለያ»፣ «ድርብ»። የተሸጠ ነገር «ዕቃ» ነው። ከገጽ ወደ ገጽ የሚሻገር ሂሳብ «የዞረ» ነው። ንዑስ ድምር፣ ቅናሽ፣ ታክስና ጠቅላላ ድምር «ማጠቃለያ» ናቸው። በሁለት ፎቶ ውስጥ የታየ አንድ መስመር ሁለተኛው ቅጂ «ድርብ» ይባላል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። የዞረ ሂሳብ በዋጋው ዓምድ ውስጥ ከዕቃዎቹ ጋር ተሰልፎ ስለሚታተም ዕቃ ይመስላል። እውነቱ ግን ቀደም ብለው የተቆጠሩ ዕቃዎች ድምር ነው። በምሳሌያችን በገጾቹ አናት ላይ ያሉትን ሁለቱን የዞሩ ሂሳቦች እንደ ዕቃ ብትደምሯቸው ሂሳባችሁ በ49,275.00 ይበልጣል (18,450.00 + 30,825.00)።

ማስጠንቀቂያ፦ በገጹ ግርጌ ላይ ያለ ድምር ሁሉ የተጠራቀመ ድምር አይደለም። አንዳንድ ኢንቮይስ የዚያን ገጽ ድምር ብቻ ያትማል። የገጽ 2 ግርጌ የገጽ 1ን ቁጥር ጨምሮ ይዞ እንደሆነ ደምራችሁ እዩ። በእኛ ምሳሌ የገጽ 2 ዕቃዎች ድምር 12,375.00 ነው፤ ግርጌው ግን 30,825.00 ይላል፤ ስለዚህ የተጠራቀመ ነው። የገጽ ድምር ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁሉንም የገጽ ድምሮች መደመር ነበረብን፤ በተጠራቀመው ግን የመጨረሻው ብቻውን ይበቃል።

5. ለሁለት የተከፈለውን መስመር አንድ አድርጉ

ምልክቱ ጥንድ ነው፦ በአንዱ ገጽ መጨረሻ ላይ ስም ኖሮት ዋጋ የሌለው መስመር፣ በቀጣዩ ገጽ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ዋጋ ኖሮት ስሙ ጎደሎ የሆነ መስመር። «የጠረጴዛ መብራት፣» ብሎ ቆሞ በቀጣዩ ገጽ «ታጣፊ፣ ነጭ 3 x 725.00» የሚለው አንድ ዕቃ ነው። በመካከላቸው የዞረ ሂሳብ ስላለ ተለያይተው ይታያሉ፤ አታላዩም ነገር እሱ ነው።

ዝርዝሩን በአንድ ሴል ውስጥ አዋሕዱት፤ በዓምድ B ላይ የምትጽፉት ገጽ ግን ዋጋው የታተመበት ገጽ ይሁን። ምክንያቱ ቀላል ነው። ኢንቮይሱን ያወጣው ፕሮግራም የዞረውን ሂሳብ ሲያሰላ የደመረው በዚያ ገጽ ላይ ዋጋቸው የታተመ ዕቃዎችን ነው። የገጽ 1 አራት ዕቃዎች በትክክል 18,450.00 ይሆናሉ፤ መብራቱ እዚያ ውስጥ የለም። መብራቱን ገጽ 1 ላይ ብትመዘግቡት የገጽ 1 ድምር በ2,175.00 ይበልጣል፣ የገጽ 2 ደግሞ በዚያው ልክ ያንሳል። አጠቃላዩ ድምር ግን አይነካም። በዚህ የተነሳ ሌላ ስህተት ስትፈልጉ ሁለት ገጾች በሐሰት ይከሰሱባችኋል።

6. የተደራረበውን ክፍል ለዩ

p02a እና p02b የአንድ ገጽ ክፍሎች ስለሆኑ መደራረባቸው የሚጠበቅ ነው፤ እንዲያውም ጥሩ ነው፤ ካልተደራረቡ መሐል ላይ የቀረ መስመር ላለመኖሩ ማረጋገጫ የለንም። ካልኩሌተሩ በሦስት ቦታ ይታያል፦ በምስል 2 መጨረሻ፣ በምስል 3 መጀመሪያ፣ እንደገና በምስል 3 መጨረሻ። በእውነት የታዘዘው ስንት ጊዜ ነው?

ደንቡ ይህ ነው፦ መደራረብ የሚሆነው የመጀመሪያው ፎቶ የመጨረሻ መስመሮች በተከታታይ የሁለተኛው ፎቶ የመጀመሪያ መስመሮች ሆነው ሲመለሱ ብቻ ነው። ከመገጣጠሚያው ርቆ የታየ ተመሳሳይ መስመር መደራረብ አይደለም፤ ገዢው ያንኑ ዕቃ ሁለት ጊዜ አዝዞ ይሆናል። በዚህ ደንብ የምስል 3 የመጀመሪያው ካልኩሌተር «ድርብ» ይሆናል፤ ከመቀሱ በታች ያለው ግን በራሱ የቆመ ዕቃ ነው።

ነገር ግን መገጣጠሚያው ላይ የተደገመው አንድ መስመር ብቻ ሲሆን ጥርጣሬ ይኖራል። ፎቶዎቹ ጨርሶ ሳይደራረቡ ሁለት ካልኩሌተሮች ተከታትለው ታዝዘው ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ወረቀቱን ራሱን እዩ፤ በምስል 3 አናት ላይ ግማሹ የተቆረጠ «ተንቀሳቃሽ ጠረጴዛ» ይታያል? የእጥፋት መስመር፣ የቀለም ነጠብጣብ፣ የብዕር ምልክት በሁለቱም ፎቶ ላይ በዚያው መስመር ጎን አለ? ካለ አንድ መስመር ነው። የመጨረሻውን ፍርድ ደግሞ የገጹ ድምር ይሰጣል፤ በእርምጃ 7 እናየዋለን።

ማስጠንቀቂያ፦ የኤክሴልን «ድግግሞሽ አስወግድ» ትእዛዝ እዚህ አትጠቀሙ። ዝርዝር፣ ብዛትና ዋጋ ተመሳሳይ የሆኑትን ሁሉ ወደ አንድ ስለሚያወርድ እውነተኛውን ሁለተኛ ካልኩሌተርም ይጥለዋል፤ ንዑስ ድምሩ 32,200.00 ላይ ይቆማል። ምንም ካላደረጋችሁ ደግሞ 37,800.00 ይሆናል። የተደገመውን መስመር አትሰርዙት፤ «ድርብ» ብላችሁ ተዉት፤ ነገ ሌላ ሰው ፎቶውን ከሰንጠረዡ ጋር ሲያመሳክር የት እንደሄደ ያገኘዋል።

7. በሦስት ደረጃ አመሳክሩ

መጀመሪያ መስመሩን። ብዛት ሲባዛ በነጠላ ዋጋ ጠቅላላ ዋጋውን መስጠት አለበት፦

```
=ROUND(E2*F2,2)-G2
```

«ዕቃ» በተባለ መስመር ላይ ውጤቱ ዜሮ ካልሆነ በዚያ መስመር ላይ በስህተት የተነበበ ቁጥር አለ፣ ወይም በመስመሩ ላይ የተጻፈ ቅናሽ ዘልላችኋል።

ቀጥሎ ገጹን፦

```
=SUMIFS(G:G,B:B,2,H:H,"ዕቃ")
```

በምሳሌያችን ለገጽ 2 የሚመጣው 2,175 + 3,200 + 2,800 + 1,400 + 2,800 = 12,375.00 ነው። ይህ ከወጣው ሂሳብ የገባውን ስንቀንስ ከምናገኘው ጋር እኩል መሆን አለበት፦ 30,825.00 − 18,450.00 = 12,375.00። ገጠመ። የካልኩሌተሩም ጉዳይ እዚህ ይዘጋል፤ ሦስት ቢሆን 15,175.00፣ አንድ ቢሆን 9,575.00 ይመጣ ነበር።

የገጽ ማመሳከሪያ እጅግ የሚጠቅመው ስህተቱን በአንድ ገጽ ውስጥ ስለሚያጥረው ነው። መጨረሻ ላይ ያለውን ጠቅላላ ድምር ብቻ ብታዩ አንዱ ገጽ ላይ የበለጠው ሌላው ገጽ ላይ ከጎደለው ጋር ተጣፍቶ ልክ ሊመስል ይችላል።

በመጨረሻ ሰነዱን። ገጽ 3 ላይ 2,675 + 1,500 = 4,175.00፤ ከዞረው 30,825.00 ጋር 35,000.00፤ አሥር በመቶ ታክሱ 3,500.00፤ ጠቅላላ ድምር 38,500.00። ልዩነቱ ጥቂት ሳንቲም ብቻ ከሆነ ሻጩ ታክሱን በየመስመሩ አስልቶ እያጠጋጋ ደምሮት ይሆናል፤ እናንተ ደግሞ በንዑስ ድምሩ ላይ አንድ ጊዜ አስልታችሁታል። በሻጩ መንገድ አስሉትና እዩት፤ ከገጠመ ስህተት የለም፤ የታተመውን ቁጥር ውሰዱ።

8. ካልገጠመ ልዩነቱን ራሱን አንብቡት

መስመሮቹን እንደገና ከላይ እስከ ታች ከማየታችሁ በፊት ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ልብ በሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩ ራሱ ምክንያቱን ይናገራል።

ልዩነቱ ከአንድ የዞረ ሂሳብ ጋር እኩል ከሆነ ያ ሂሳብ «ዕቃ» ተብሎ ተመዝግቧል። ከአንድ ዕቃ ዋጋ ጋር እኩል ከሆነና የእናንተ ድምር የሚበልጥ ከሆነ መደራረብ ሳይለይ ቀርቷል፤ የሚያንስ ከሆነ መስመር ተዘሏል ወይም እውነተኛ ዕቃ «ድርብ» ተብሏል።

ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ ሁለት ጎረቤት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው ይሆናል። 1,400 ሲገለበጥ 1,040 ቢሆን ልዩነቱ 360 ነው፤ 360 ደግሞ 9 ጊዜ 40። የኦሲአር ተጠቃሚዎች ደግሞ ለ99 አካፍሉት። ነጥቧ ከጠፋች 725.00 የሚለው 72500 ሆኖ ይነበባል፤ ልዩነቱ 71,775 ነው፤ ለ99 ሲካፈል 725 ይመጣል፤ የተበላሸውን ቁጥር ራሱን ይሰጣችኋል ማለት ነው። እነዚህ ፍንጮች እንጂ ማረጋገጫዎች አይደሉም፤ የጠቆሟችሁን መስመር ከፎቶው ጋር አመሳክሩት።

ከምንም ጋር የማይገናኝ ልዩነት ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በፎቶው ጠርዝ ላይ የተቆረጠ መስመር አለ። የዚያን ገጽ አዲስ ፎቶ አስልኩ፤ አራቱም የወረቀት ጥግ ይታይ። ልዩነቱን «ሌሎች» የሚል መስመር ፈጥራችሁ አትሙሉት። ድምሩ ይገጥማል፤ ነገር ግን ያልታየ ዕቃ ተመዝግቧል፤ ዕቃ ሲመለስ ወይም ቅናሽ ሲጠየቅ የሚቆጠር ነገር አይኖርም።

9. ፎቶዎቹን በአንድ ፋይል አስቀምጡ

አሁን ፎቶዎቹ ሳይጣበቁ፣ በቅደም ተከተል በአንድ ፒዲኤፍ ውስጥ ይግቡ፦

```
img2pdf p01.jpg p02a.jpg p02b.jpg p03.jpg -o invoice.pdf
```

ይህ መሣሪያ የጄፔግ ምስሎችን እንደገና ሳይጨምቅ እንዳሉ ስለሚያስገባቸው ቁጥሮቹ አይደበዝዙም። የፒዲኤፉንና የሰንጠረዡን ፋይል በኢንቮይሱ ቁጥር ሰይማችሁ ጎን ለጎን አኑሯቸው። ዓምድ A ላይ ያለው የምስል ቁጥር ከፒዲኤፉ ገጽ ጋር ስለሚገጥም፣ ማንኛውም መስመር ሲጠየቅ የትኛውን ገጽ መክፈት እንዳለባችሁ ወዲያው ታውቃላችሁ። ምስል 3 የፒዲኤፉ ገጽ 3 ቢሆንም የኢንቮይሱ ገጽ 2 መሆኑን ግን አትርሱ፤ A እና B ተለያይተው የተከፈቱት ለዚህ ነው።